እሳቱን ያጠፋው ኬሚስት፦ ሰልፈሪክ አሲድ ለምን በ450 ዲግሪና በተራ ግፊት ይሠራል?

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ሰልፈሪክ አሲድ አሠራር ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር እጽፍ ነበር፤ ሙቀት 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊት ከ1 እስከ 2 አትሞስፌር፣ የኬሚካል ምላሹን የሚያፋጥነው ካታሊስት ደግሞ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ። ተማሪዎቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሞኒያ ሲሠራ ግፊቱ 200 አትሞስፌር ነው ብለውናል። እዚህም ግፊት ሲጨምር ምርቱ ይጨምራል አሉን። ታዲያ እዚህ ለምን 2 ብቻ?»

«ግፊት ውድ ስለሆነ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን መልስ አልነበረም። ግፊት ለአሞኒያም ውድ ነው። እሷም ገብቷት ሳይሆን አክብራኝ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ስነሳ ያገኘሁት የአንድ ፋብሪካን ታሪክ ነው። ጀርመን ውስጥ በራይን ወንዝ ዳር፣ ሉድቪግስሃፈን ከተማ ላይ፣ ባዲሼ አኒሊን ኡንድ ሶዳ ፋብሪክ የተባለው ኩባንያ ውስጥ በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ የተሠራ ሥራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውን የመራው ኬሚስት ሩዶልፍ ክኒትሽ ሲሆን በ1901 የሄደበትን መንገድ፣ ያጋጠመውን እንቅፋት ጭምር፣ ዘርዝሮ አሳተመ። ዛሬ በሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸው ሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው እንዴት እንደተወለደ የሚታየው እዚያ ነው። ቁጥሮቹ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች አይደሉም። ካታሊስቱ ሙቀቱን ይወስናል፣ ሙቀቱ ደግሞ ግፊቱን አያስፈልግም ያሰኛል።

የተፈለገው ነገር

በዚያ ዘመን ሰልፈሪክ አሲድ ብርቅ አልነበረም። ከ1746 ጀምሮ በእርሳስ በተለበጡ ትልልቅ ክፍሎች ውስጥ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን እያገዙ ይሠሩት ነበር። ችግሩ ከክፍሉ የሚወጣው አሲድ ውሃ የበዛበት መሆኑ ነው፤ ከሲሶ በላዩ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለማዳበሪያ ይበቃል፤ ለቀለም ሥራ ግን አይበቃም። የቀለም ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ውሃ የሌለበትን፣ እንዲያውም በውስጡ ትርፍ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ የሟሟበትን ኦሊየም የሚባለውን አሲድ ነው። ኦሊየም ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚመጣው ከቦሄሚያ ነበር፤ እዚያ ብረትና ድኝ ያለበትን ድንጋይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እያጋሉ በትንሽ በትንሹ ያወጡታል።

ኩባንያው በ1897 ለገበያ ያቀረበው ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ፣ ማለትም ሰማያዊው የጨርቅ ቀለም፣ ጥያቄውን አጠበቀው። የቀለሙ የመጀመሪያ እርምጃ ናፍታሊንን በኦሊየም ማቃጠል ነው። ኦሊየሙ ኦክስጅኑን ሰጥቶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ (SO2) ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ በየቀኑ በብዙ ቶን የሚወጣ ስለሆነ እንደገና ወደ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ (SO3) ካልተመለሰ ቀለሙ አያዋጣም። ስለዚህ ለክኒትሽ የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይህችን አንዲት ቀመር በፋብሪካ መጠን፣ ሳትቋረጥ፣ በርካሽ ማስኬድ።

```
2 SO2 + O2 ⇌ 2 SO3     (ሙቀት ይወጣል፤ በአንድ ሞል SO2 ወደ 99 ኪሎጁል)
```

አዲስ ያልሆነ ሐሳብ

ቀመሯን ማንም ያውቃት ነበር። በ1831 ፐርግሪን ፊሊፕስ የተባለ የብሪስቶል ኮምጣጤ ሠሪ ሰልፈር ዳይኦክሳይድንና አየርን በጋለ ፕላቲነም ላይ ቢያሳልፉ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ እንደሚገኝ ጽፎ ፓተንት አውጥቶ ነበር። ነገሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይሠራ ቆየ። በ1875 የፍራይበርጉ ክሌመንስ ቪንክለር ጉዳዩን ቀስቅሶ ፕላቲነምን በአስቤስቶስ ክር ላይ በመርጨት ጥሩ ካታሊስት አዘጋጀ። ከዚህ ጋር ግን አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮ ተስፋፋ። ጋዞቹ ልክ በቀመሩ ምጣኔ፣ ሁለት እጅ SO2 ለአንድ እጅ ኦክስጅን፣ መሆን አለባቸው፤ ናይትሮጅን ከገባ ሥራውን ያበላሻል ተባለ። ያን የመሰለ ንጹህ ድብልቅ ለማግኘት የተሠራውን ሰልፈሪክ አሲድ በእሳት አፍርሰው፣ ውሃውን አስወግደው፣ መልሰው ይገጥሙት ነበር። አሲድ ለመሥራት አሲድ ማፍረስ ማለት ነው።

ክኒትሽ ይህን ፈተነው። በእጁ ያለው ጋዝ ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ድንጋይ ከሚቃጠልበት ምድጃ የሚወጣው ነው፤ ከ100 እጁ 7 ያህሉ SO2፣ 10 ያህሉ ኦክስጅን፣ የቀረው 83 ናይትሮጅን። በቀመሩ መሠረት ለ7 እጅ SO2 የሚያስፈልገው ኦክስጅን 3.5 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህ ቀጭን ጋዝ በላቦራቶሪው ከ98 በመቶ በላይ ተለወጠ።

ምላሹ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚሄድ አንድ ቦታ ላይ ሚዛን ይዞ ይቆማል፤ የት እንደሚቆም ዛሬ በሚታወቀው የሚዛን ቁጥር፣ በK፣ ማስላት ይቻላል። የተለወጠውን SO2 ላልተለወጠው ብናካፍል የሚገኘው ቁጥር፣ የሚዛኑ ቁጥር በኦክስጅን ግፊት ካሬ ሥር ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው።

```
x / (1 − x) = K · √p(O2)
```

በ450 ዲግሪ K ወደ 137 ነው። የምድጃው ጋዝ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ኦክስጅን 0.068 አትሞስፌር ያህል ነው፤ ካሬ ሥሩ 0.26። ብናባዛው 36 ይመጣል፤ ይህም ከ97 በመቶ በላይ ተለወጠ ማለት ነው። የቪንክለርን ንጹህ ድብልቅ በዚያው ሙቀት ብናሰላው ኦክስጅኑ አብሮ እያለቀ ይሄድና መጨረሻ ላይ 0.02 አትሞስፌር ያህል ብቻ ይቀራል፤ ለውጡም 95 በመቶ ላይ ይቆማል። ንጹሁ ጋዝ በናይትሮጅን ከቀጠነው ጋዝ ያነሰ ምርት ይሰጣል። እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ሚዛኑን የሚያዘው በመጨረሻ የተረፈው ኦክስጅን ነው። ናይትሮጅኑም ቢሆን ሥራ አለው፤ የሚወጣውን ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው ነገር ወደ ኋላ ዋና ሆኖ ይመጣል።

የማይታየው መርዝ

ላቦራቶሪው ውስጥ ካታሊስቱ በንጹህ ጋዝ ምንም ሳይደክም ሠራ። ፋብሪካው ውስጥ ግን ጥቂት ቆይቶ ሞተ። ጋዙ ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ተጣርቷል፤ በዓይን ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ፕላቲነሙ ግን ይሞታል።

ፓይራይት ውስጥ አርሴኒክ አለ። ከድንጋዩ ጋር ተቃጥሎ በጋዙ ውስጥ ይሄዳል፤ ፕላቲነም ላይ ሲያርፍ ጋዞቹ የሚያርፉበትን ቦታ ይዞ ይቀራል። የሚያስገርመው መጠኑ ነው፤ ከፕላቲነሙ ክብደት አንጻር እጅግ ጥቂት አርሴኒክ ካታሊስቱን ጨርሶ ያደነዝዘዋል። አርሴኒኩ ተደብቆ የሚያልፈው ደግሞ በአሲድ ጉም ውስጥ ነው። ጉሙ እጅግ ደቃቅ ጠብታ ስለሆነ በውሃ ውስጥ አረፋ እየሠራ ቢያልፍ እንኳ አይታጠብም።

ከዚህ በላይ ያደከማቸው ሌላ ነገር ነበር። ጋዙን ለማቀዝቀዝ በብረት ቱቦ ሲያሳልፉት በጋዙ ውስጥ ያለው አሲድ ቱቦው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ብረቱን ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከአርሴኒኩ ጋር ተጣምሮ አርሲን የሚባል ጋዝ ይሆናል። አርሲን ጉም ስላልሆነ ማጣሪያ አይዘውም። ስለዚህ ራሱ ማጽጃው መርዝ የሚያበቅል ሆነ። መፍትሔው ጋዙን ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ ጤዛው ብረቱን እንዳይበላ ማድረግ ነበር። በምድጃው ጫፍ ላይም እንፋሎት እየነፉ ጋዙን አደባለቁት፤ ሳይቃጠል የሄደው የድኝ ብናኝ አብሮ እንዲቃጠል፣ ጉሙም በሚታጠብ መልክ እንዲወርድ።

መንጻቱን የሚያውቁበት ዘዴም ከባድ አልነበረም። ጋዙን ሁለት ጫፉ መስታወት በሆነ ብዙ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ በአንዱ ጫፍ ብርሃን አብርተው በሌላው ያያሉ። በአጭር ርቀት ጥርት ያለ የሚመስል ጋዝ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ከዚያ የታጠበበትን ውሃ በማርሽ ምርመራ ይፈትኑታል፤ የአርሴኒክ ጥቁር መስተዋት ካልወጣ ጋዙ ወደ ካታሊስቱ ይለቀቃል።

እሳቱን ማጥፋት

ፊሊፕስም ቪንክለርም ካታሊስቱን ያጋሉት ነበር። ጋዙ ከ400 ዲግሪ በታች ፕላቲነም ላይ ዘገም ስለሚል፣ ቱቦዎቹን በምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ከውጭ እሳት ማንደድ ትክክል መስሎ ይታያል። በመስታወት ቱቦ፣ በጥቂት ግራም ጋዝ፣ ትክክልም ነው፤ የሚወጣው ሙቀት በቱቦው ግድግዳ ይጠፋል።

በፋብሪካ ቱቦ ውስጥ ግን ሙቀቱ የሚጠፋበት የለም። ይህንን 7 በመቶ ጋዝ እንውሰድ። ከአንድ ሞል SO2 የሚወጣው 99 ኪሎጁል ለጠቅላላው ጋዝ ሲከፋፈል፣ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ጋዙን በ215 ዲግሪ ያህል ያግለዋል። በ420 ዲግሪ የገባ ጋዝ ወደ 635 ይወጣል ማለት ነው። ግን እዚያ አይደርስም። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ኋላ ይመለሳልና ነው፤ ለዚሁ ጋዝ ሳሰላው ሊለወጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን በ400 ዲግሪ 99 በመቶ፣ በ500 ደግሞ 93፣ በ600 ከ75 በታች፣ በ700 ከግማሽም በታች ነው። ስለዚህ ጋዙ እየተለወጠ ይግላል፣ እየጋለ ሲሄድ መለወጡ ይቆማል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት 585 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተለወጠው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ካታሊስት ብንጨምር፣ ፕላቲነሙን እጥፍ ብናደርገው፣ አንድ በመቶ እንኳ አይጨምርም። የጎደለው ፍጥነት አይደለምና።

ክኒትሽ ያደረገው እሳቱን አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ነው። በካታሊስት የተሞሉትን ቱቦዎች በአንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ አቁሞ ቀዝቃዛውን ገቢ ጋዝ በቱቦዎቹ ዙሪያ አሳለፈው። ገቢው ጋዝ ከቱቦዎቹ ሙቀት እየወሰደ ራሱ ይሞቃል፤ ቱቦዎቹ ደግሞ ይቀዘቅዛሉ። ካታሊስቱ በሚመቸው የሙቀት መጠን ላይ ረጋ፣ ለውጡም ከ96 በመቶ አልፎ እስከ 98 ደረሰ። ፕላቲነሙም ከመጠን በላይ ግሎ ከመበላሸት ዳነ። እሳት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ሲነሣ ብቻ ሆነ። ማንደጃ የነበረው ሥራ ማቀዝቀዣ ሆኖ ተገለበጠ፤ ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው፤ ከ1831 ጀምሮ ሰዎች ያጡትም ይህንን ነው።

አሁን ወደ 450 ዲግሪ እንመለስ። ሚዛኑ ብቻ ቢጠየቅ 350 ይሻላል ይል ነበር፤ እዚያ ከ99.5 በመቶ በላይ ይለወጣል። ፍጥነቱ ብቻ ቢጠየቅ 600 ይሻላል ይላል። ካታሊስት ሚዛኑን በአንዲት ነጥብ እንኳ አያነቃንቅም፤ የሚያደርገው ሚዛኑ ጥሩ ወደ ሆነበት ዝቅተኛ ሙቀት እንድንወርድ መፍቀድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ሙቀት ምርት ይጨምራል?» አይደለም፤ «ይህ ካታሊስት ሳይተኛ እስከ ስንት ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል?» ነው። 450 የተባለው ቁጥር የጋዙ ሳይሆን የካታሊስቱ ባሕርይ ነው።

ስለ ግፊት

የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ሦስት ሞል ጋዝ ሁለት ይሆናልና ግፊት ምርቱን ወደ SO3 ይገፋዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ምን ያህል? ከላይ ያለውን ቀመር ተመልከቱ፤ ግፊቱ የሚገባው በካሬ ሥር ነው። በ450 ዲግሪ፣ በ1 አትሞስፌር 97.3 በመቶ ነበርን። ወደ 2 አትሞስፌር ብናወጣው 98 ይሆናል። ወደ 10 ብናወጣው 99። ግፊቱ አስር እጥፍ ሲሆን የምናገኘው ከ2 ነጥብ ያነሰ ነው፤ ለማግኘት የቀረው ራሱ ከ3 ነጥብ አይበልጥምና።

አሞኒያ ላይ ነገሩ የተለየ ነው። የብረቱ ካታሊስት በሚሠራበት ሙቀት፣ በተራ ግፊት፣ አሞኒያ የሚገኘው ከመቶ አንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። እዚያ ግፊት ካልተጨመረ ፋብሪካ የለም። እዚህ ግን ግፊት ሳይጨመር 97 ላይ ነን። ለተማሪዬ መናገር የነበረብኝ ይህን ነው፤ ውድነቱ ሁለቱም ላይ አለ፤ የሚገዛው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ዋጋውንም እናስላው። ከምድጃው ጋዝ 83 እጁ ናይትሮጅን ስለሆነ አብሮ መጨመቅ አለበት። አየሩን በመሐል እያቀዘቀዘ በሁለት ደረጃ ወደ 10 አትሞስፌር የሚጨምቅ ደህና ማሽን ለእያንዳንዱ ሞል SO2 ወደ 120 ኪሎጁል ጉልበት ይበላል። ምላሹ ራሱ የሚሰጠው ሙቀት 99 ነው። ሁለት ነጥብ ለማይሞላ ጭማሪ፣ ከምላሹ ሙቀት የሚበልጥ የሞተር ጉልበት። በዚያ ላይ እርጥብና ትኩስ አሲዳማ ጋዝ የሚጨምቅ ማሽንና ወፍራም ዕቃ ያስፈልጋል፤ አሲድ በሚበላው ብረት ላይ ግፊት መጨመር ደግሞ ለሚያፈስ ቀዳዳ ሁሉ ጉልበት መስጠት ነው።

ሰሌዳው ላይ የምንጽፈው «ከ1 እስከ 2 አትሞስፌር» ምርት ለመጨመር የተመረጠም አይደለም። ማራገቢያው ጋዙን በማጠቢያው፣ በካታሊስቱና SO3 በአሲድ በሚመጠጥበት ማማ ውስጥ ገፍቶ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ነው። ክኒትሽም በዚህ ተፈትኗል፤ የአስቤስቶስ ክሩ በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ ጋዙን ይዘጋው ስለነበር፣ በየመሐሉ ቀዳዳ ያላቸው ሳህኖች ደርድሮ ክሩን በስሱ አከፋፈለው። የእሱ የግፊት ችግር ከፍ ማድረግ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ በ5 አትሞስፌር አካባቢ የሚሠራ ፋብሪካ ተገንብቶ ነበር። ዕቃዎቹ ትንንሽ ይሆናሉ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሚጠፋው ጋዝም ይቀንሳል። ስለዚህ ግፊት የማይቻል ነገር አይደለም። ግን መንገዱን የተከተለው ጥቂት ነው፤ ያንኑ ትርፍ በርካሽ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ መጥቶ ነበርና። እሱን ከታች እናያለን።

ውሃ ላይ አይሆንም

SO3 ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ ታዲያ ለምን በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይገባም? ከውሃው የሚነሣው ተን ጋዙን ገና በአየር ላይ ያገኘዋል፤ ውጤቱ ምንም ማማ የማይዘው ነጭ ጉም ነው። ደካማ አሲድም ተን ስላለው እንዲሁ ይጎማል። ኦሊየም ደግሞ ከራሱ SO3 ይተናል። ክኒትሽ ከ97 እስከ 98 በመቶ ያለው አሲድ ጋዙን ወዲያው፣ ያለ ጉም እንደሚውጠው አገኘ። በዚያ መጠን ላይ ከአሲዱ የሚነሣው ውሃም SO3ም እጅግ ዝቅተኛ ነው። አሲዱ እየጠነከረ ሲሄድ ውሃ በጥቂቱ እየጨመሩ 98 ላይ ያቆዩታል። ጭስ ማውጫ ላይ ነጭ ጉም የሚጎተት ፋብሪካ ካያችሁ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካታሊስቱ ሳይሆን ይህ ማማ ነው፤ ወይ አሲዱ ከ98 ወጥቷል፣ ወይ የገባው ጋዝ በደንብ አልደረቀም።

ከፕላቲነም ወደ ቫናዲየም

በ1900 የኩባንያው ዓመታዊ ምርት ከ100 ሺህ ቶን አልፎ ነበር። ፕላቲነሙ ግን ውድ እንደሆነ፣ በአርሴኒክም እንደተፈራ ቀረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይኸው ኩባንያ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድን (V2O5) ከፖታሲየም ጨው ጋር በሲሊካ ላይ ለብጦ ሥራ ላይ አዋለ፤ ከጊዜ በኋላም ዓለሙ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ቫናዲየም ከፕላቲነም የበለጠ ንቁ ስለሆነ አልተመረጠም፤ እንዲያውም በዝቅተኛ ሙቀት ፕላቲነም ይበልጠዋል። ርካሽ ነው፣ አርሴኒክንም ከፕላቲነም እጅግ በተሻለ ይችላል። ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ መሥራት ለዚህ የተከፈለ ዋጋ ነው።

አሠራሩም ልዩ ነው። ፋብሪካው ሲሠራ ቫናዲየሙ ደረቅ ዱቄት አይደለም፤ በሲሊካው ቀዳዳዎች ውስጥ በፖታሲየሙ ጨው የሟሟ ስስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። SO2 ከቫናዲየሙ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ቫናዲየሙ ከአየሩ ይተካል። ከ380 ዲግሪ ገደማ በታች ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቫናዲየም እየረጋ ይወጣና ካታሊስቱ ይተኛል። ከ620 ገደማ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ደግሞ ሲሊካው ራሱ ይጎዳል። በእነዚህ ሁለት ድንበሮች መሐል ነው ፋብሪካው የሚኖረው።

ዛሬ ቱቦ የለም፤ ካታሊስቱ በአራት ንጣፍ ተደርድሮ በመሐላቸው ማቀዝቀዣ አለ። የቀድሞውን ጋዛችንን እንከተለው። በ420 ዲግሪ ወደ መጀመሪያው ንጣፍ ይገባል፣ ሦስት አራተኛው ተለውጦ በ585 ይወጣል። ወደ 430 ይቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ላይ 95 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ አሁን የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱ የሚጨምረው በ40 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እንደገና ይቀዘቅዛል፣ በሦስተኛው 98 አካባቢ ይደርሳል፤ አራተኛው ከዚህ በላይ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። ንጣፎቹ እኩል ውፍረት የላቸውም፤ የመጀመሪያው ቀጭን ነው፣ የኋለኞቹ ወፍራም፤ ጋዙ በቀጠነ ቁጥር ሥራው ይዘገያልና። ወደ ጭስ ማውጫው የምትሄደዋ 2 በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ በቀን 100 ቶን አሲድ በሚሠራ ፋብሪካ ግን በየቀኑ 1.3 ቶን ያህል SO2 አየር ላይ መልቀቅ ማለት ነች።

ለዚህ ነው በ1960ዎቹ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ድርብ መምጠጥን ያመጣው። ከሦስተኛው ንጣፍ በኋላ ጋዙን ወደ ማማ ልከው የተሠራውን SO3 በሙሉ ያወጡታል፤ የቀረውን አሙቀው ወደ አራተኛው ንጣፍ ይመልሱታል። ምርቱ ስለተወሰደ ሚዛኑ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ከቀረው 2 በመቶ አብዛኛው ይለወጥና ጠቅላላው ከ99.7 በላይ ይሆናል። በ100 ቶኑ ፋብሪካ የሚጠፋው 1.3 ቶን ወደ 200 ኪሎ ይወርዳል። በ10 አትሞስፌር ግፊት ልናገኘው ከምንችለው ይበልጣል፤ ያውም በተራ ግፊት።

እኛም አገር አዋሽ መልካሳ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሆነው አሉሚኒየም ሰልፌት የሚወጣው ከእሱ ነው። እዚያ የሚነደው ፓይራይት ሳይሆን ድኝ ራሱ ስለሆነ ክኒትሽን ያሠቃየው የአርሴኒክ ማጠቢያ ሁሉ አያስፈልግም፤ ድኙን ማቅለጥ፣ ማጣራት፣ የሚያነድደውን አየር በአሲድ ማድረቅ ይበቃል።

ካታሊስቱ መድከሙን ኦፕሬተር የሚያውቀው ጋዝ ከመመርመሩ በፊት በቴርሞሜትር ነው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ንጣፍ 585 ሆኖ የሚወጣው ጋዝ 560፣ ከዚያ 540 መሆን ከጀመረ፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ጭማሪው ከ40 ወደ 60 ዲግሪ ካደገ፣ የመጀመሪያው ንጣፍ ያልሠራውን ሁለተኛው እየሠራለት ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ገና ምንም አይታይም። ምክንያቱን ለመለየት ቀጥሎ መታየት ያለበት የማራገቢያው ግፊት ነው፤ እሱም አብሮ ከጨመረ ንጣፉ በአቧራ ተዘግቷል፣ ወጥቶ መበጠር አለበት። ግፊቱ እንደነበረ ከሆነ ግን ካታሊስቱ ራሱ ደክሟል፤ መግቢያውን ከ420 ወደ 430 ከፍ አድርጎ እስከሚቀጥለው ጥገና ማቆየት ይቻላል። ያቺ አስር ዲግሪ ከሚዛኑ ላይ የምትቀነስ ስለሆነች፣ ኦፕሬተሩ የመጨረሻውን ንጣፍ መግቢያ አይነካም፤ ጋዙ የሚሄድበትን ርቀት የሚወስነው እሱ ነው።